«በየወሩ ሦስት ሺህ ብር፣ ዋስትና አለው»፦ የመካነ ሰላሟ እህል ነጋዴ ታሪክ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ይወርዳል)



አቅራቢ፦ አድማጮቼ፣ ዛሬ ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከአጠገባችሁ ባቄላ ካለ መቶ ፍሬ ቁጠሩና አስቀምጡ። ባቄላ ከሌለ ሽምብራም ይሆናል። እንጨት ፈልጣችሁ፣ ልጅ አቅፋችሁ እጃችሁ ያልፈታ ደግሞ በሐሳብ ቁጠሩ። ትንሽ ቆይተን አብረን እንሠራበታለን።

የምነግራችሁ ታሪክ ለትምህርት የተቀናበረ ነው። ባለታሪኳን ዘይነባ እንበላት። ሂሳቡ ግን የእውነት ሂሳብ ነው፤ ከታሪኩ ወጣ ብዬ የማነሣቸው ጉዳዮችም በእውነት የደረሱ ናቸው።

(የገበያ ድምፅ፤ የሰው ጫጫታ፣ የበግ ድምፅ፣ ሚዛን ሲንቋቋ። ከዚያ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ዘይነባ መካነ ሰላም ውስጥ እህል ትነግዳለች። ባቄላና ስንዴ፣ ሲገኝ ደግሞ ጤፍ። በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣውን ገበሬ ማልዳ ትቀበላለች፤ ባቄላውን በእጇ ዘግና፣ አንዱን ፍሬ በጥርሷ ሰብራ፣ ደረቅ መሆኑን አይታ ትገዛለች። አሥር ኩንታል ሲሞላላት ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር በአይሱዙ አስጭና በአቀስታ በኩል ደሴ ትልካለች።

ለሂሳባችን እንዲያመቸን አሥሩ ኩንታል ስልሳ ሺህ ብር ያወጣባታል እንበል። የጆንያውን፣ የጫኝና አውራጁን፣ የመኪናውን ከፍላ ሁለት ሺህ ብር ይተርፋታል። ወሩ የቀና ከሆነ ሁለት ጊዜ ታዞራለች፤ አራት ሺህ ብር ማለት ነው። ነቀዝ ከገባበት፣ ዝናብ ጆንያውን ከበላው፣ ወይም ደሴ ላይ ዋጋው ከወደቀ ግን ትርፉ ቀርቶ ከዋናው ይጎድላል። በልግ በጠፋ ዓመት ደግሞ የሚገዛም እህል አይገኝ።

ይህን ያዙልኝ። የዘይነባ ትርፍ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ሲመጣም ከየት እንደመጣ ታውቀዋለች፤ መካነ ሰላም ገዝታ ደሴ የሸጠችበት የዋጋ ልዩነት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ በጥቅምት ወር የአጎቷ ልጅ ከደሴ መጣ። ጥሩ ጫማ፣ ጥሩ ስልክ ይዟል።

«እታለም» አላት፣ «ይህን ጆንያ ስትገፊ ዕድሜሽ አለቀ። እኛ ማኅበር አለን። አሥር ሺህ ብር ታስገቢያለሽ፣ በየወሩ ሦስት ሺህ ብር ይመጣልሻል። ዋስትና አለው።»

«በየወሩ?»

«በየወሩ። ከወርም ወር አያልፍ። ሰው ካመጣሽ ደግሞ በአንድ ሰው አንድ ሺህ ብር ለብቻሽ።»

«ወለድ ከሆነ እኔ አልነካም» አለችው።

«ወለድ አይደለም፤ የትርፍ ድርሻ ነው። ማኅበሩ ከውጭ ዕቃ ያስመጣል፣ ያተርፋል፣ ያካፍላል። ንግድ ፈቃድም አለው፣ ይኸው።» ስልኩ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት አሳያት። «ደግሞስ ምን አዲስ ነገር አለው? እንደ እቁብ በይው።»

ዘይነባ አሰበች። አሥር ሺህ ብር አስገባች።

(ለአፍታ ዝምታ)

አቅራቢ፦ አድማጮቼ፣ ኅዳር ሲገባ ምን የሆነ ይመስላችኋል? ገንዘቡ ተበላ? ሰውየው ጠፋ?

አልጠፋም። ሦስት ሺህ ብር በቀኑ በስልኳ ገባላት። ታኅሣሥም ሦስት ሺህ ብር ገባ። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ውሸት ቢሆን ኖሮ መቼ ይከፍለኝ ነበር?» ይላል። እንዲህ ያለው ማኅበር ግን መጀመሪያ ላይ ይከፍላል፤ መክፈልም አለበት። የመጀመሪያዎቹ ካልተከፈላቸው ለጎረቤት ማን ይመሰክርለታል?

ዘይነባም መሰከረች። በኅዳር የባሏን እህትና አንዲት ቅቤ ነጋዴ ጓደኛዋን አስገባች። ሁለት ሺህ ብር ተሰጣት። ታኅሣሥ ላይ የአጎቷ ልጅ ደወለ፤ «ስልሳ ሺህ የሚያስገባ በወር አሥራ ስምንት ሺህ ይወስዳል፤ ዕድሉ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ነው» አላት። አሥሩን ኩንታል ባቄላ በተገኘው ዋጋ ሸጣ ልታስገባ ወሰነች።

(የቡና ሲኒ ድምፅ)

አቅራቢ፦ የዘይነባን ባቄላ ያዳኑት የእቁባቸው ጸሐፊ ናቸው። በፊት በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሂሳብ ሲሠሩ የኖሩ አዛውንት። የእቁቡ ዕለት ሱቋ ውስጥ ቡና እየጠጡ ሳለ ነገረቻቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎም ይግቡበት እንጂ፤ እንደ እቁብ እኮ ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። «እቁብ? እስቲ የእኛን እቁብ ንገሪኝ። አሥር ሰው አንድ አንድ ሺህ ይጥላል፤ ባለዕጣው አሥር ሺህ ያነሣል። ከጣለው በላይ ያነሣ አለ?»

«የለም።»

«ዙሩ ሲያልቅ ትርፍ የተከፈለው አለ?»

«የለም፤ ሁሉም የራሱን ነው ያገኘው።»

«ታዲያ ያንቺ ማኅበር ትርፍ ይሰጣል። እቁብ አይደለም። ትርፉ ከየት እንደመጣ እንይ። በይ ባቄላ አምጪ።»

አድማጮቼ፣ የእናንተንም ባቄላ አቅርቡ። መቶ ፍሬ። አንዱ ፍሬ አንድ ሺህ ብር ነው። አሥር ሰው ገብቷል፤ እያንዳንዱ አሥር ፍሬ አምጥቷል። መቶ አልሆነም? ሆነ።

መጀመሪያ ሰው ላመጡት የሚከፈለው ይውጣ። በሰው አንድ ፍሬ፣ ለአሥር ሰው አሥር ፍሬ። ወደ ጎን አድርጓቸው። ስንት ቀረ? ዘጠና።

አንደኛው ወር ደረሰ። ለእያንዳንዱ ሦስት ፍሬ፤ ለአሥሩ ሰው ሠላሳ። ስንት ቀረ? ስልሳ።

ሁለተኛው ወር። ሠላሳ ፍሬ ይወጣል። ሠላሳ ቀረ።

ሦስተኛው ወር። ሠላሳው ወጣ። እስቲ ከፊታችሁ ያለውን ቁጠሩ።

(ለአፍታ ዝምታ)

አቅራቢ፦ ምንም የለም። ሦስት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ «ተከፈለኝ» እያለ ደስ ብሎት ነበር። ግን ከመቶው ፍሬ ውስጥ ከሌላ ቦታ የመጣ አንድም ፍሬ አልነበረም። ለእያንዳንዱ ሰው ዘጠኝ ፍሬ ተመልሶለታል፤ ያውም የራሱ ዘጠኝ ፍሬ። ማኅበሩ ደግሞ ገና «አሥሩ ዋናህ እኔ ዘንድ አለ» ይለዋል።

ዘይነባ ባቄላዋን እያየች ዝም አለች። ከዚያ «ግን ጋሼ፣ ይነግዳሉ እኮ!» አለች።

«ይነግዱ። ለመነገድ የቀራቸው ዘጠና ፍሬ ነው፤ በየወሩ ሠላሳ ማትረፍ አለባቸው። ሲሶውን ማለት ነው። አንቺ በስልሳ ሺህ ብር በቀና ወር ስንት ታተርፊያለሽ?»

«አራት ሺህ። ከቀናኝ።»

«ባልቀናሽስ?»

«ኪሳራም አለ።»

«እነሱ በዚያው ስልሳ ሺህ አሥራ ስምንት ሺህ እንሰጣለን ይላሉ። አንድ ወር እንኳ ዋጋ አይወድቅባቸውም? ዕቃ አይበላሽባቸውም? መኪና አይገለበጥባቸውም? ልጄ፣ አንድ ንግድ ብዙ ሊያተርፍ ይችላል፤ እሺ። ብዙ የሚያተርፍ ንግድ ግን የሚያተርፈው ስለሚያሰጋ ነው። ብዙ ያተርፋል፣ ስጋትም የለበትም የሚልሽ ሰው ከሁለት አንዱን እየዋሸሽ ነው።»

አድማጮቼ፣ ይህን የሽማግሌውን ቃል ልድገመው። ከፍተኛ ትርፍ ለብቻው ማታለያ አይደለም። የተረጋገጠ ትርፍም ለብቻው ማታለያ አይደለም። ባንክ የተረጋገጠ ወለድ ይሰጣል፣ ግን ትንሽ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በዓመት 7 ከመቶ አድርጎ ነበር፤ አሥር ሺህ ብር ላስቀመጠ ሰው በዓመት ሰባት መቶ ብር ነው። አክሲዮን የገዛ ሰው ደግሞ ብዙ ሊያተርፍ ይችላል፣ ግን ማንም አያረጋግጥለትም። ከፍተኛውና የተረጋገጠው አብረው ሲመጡ ነው ነገሩ የሚበላሸው። አብረው ሲመጡ።

«ወለድ አይደለም፣ የትርፍ ድርሻ ነው» የሚለውንም እንይ፤ በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። ከወለድ ነፃ በሆነው አሠራር አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበት አዋጥተው ሲነግዱ ትርፉን በድርሻ ይካፈላሉ፤ ግማሽ ለግማሽ፣ ሲሶ ለሁለት ሲሶ እያሉ። ኪሳራ ከመጣ ደግሞ ባለገንዘቡ ይሸከማል። በየወሩ ይህን ያህል ብር ብሎ ቁርጥ አድርጎ ቃል መግባት በዚያ አሠራር አይፈቀድም። እንግዲህ የአጎቷ ልጅ የሃይማኖቱን ቃል ተዋሰ እንጂ ሕጉን አልያዘም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ «ታዲያ ለእኔ የተከፈለኝ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች ዘይነባ።

ሽማግሌው ከጆንያው አዲስ ባቄላ ዘገኑ። «ከአንቺ በኋላ የገባው ሰው ነው። ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ለእነዚያ አሥር ሰዎች የወሩን ሠላሳ ለመክፈል አዲስ ሰው መግባት አለበት። አንድ አዲስ ሰው አሥር ያመጣል፤ አንዱ ላመጣው ሰው ይሄዳል፤ ዘጠኝ ይቀራል። ስለዚህ ለሦስት ነባር ቢያንስ አንድ አዲስ ያስፈልጋል። በየወሩ። አዲሱም በሚቀጥለው ወር ነባር ሆኖ እጁን ይዘረጋል።»

ለሦስት አንድ፤ ትንሽ ይመስላል አይደል? እኔም መጀመሪያ ሳሰላው ትንሽ መስሎኝ ነበር። ግን አሥር ሰው ይዛችሁ በየወሩ ሲሶ ሲሶ እየጨመራችሁ ሂዱ። በዓመቱ መጨረሻ ከሦስት መቶ ሰው በላይ ያስፈልጋል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ አሥር ሺህ ያህል። በሦስተኛው ዓመት ከሦስት መቶ ሺህ በላይ። በወረዳችን ያለ አዋቂ ሁሉ ቢገባ እንኳ አይበቃም። ይህ ሁሉ ደግሞ የማኅበሩ አለቃ አንዲት ፍሬ ሳይወስድ፣ ማንም ሰው ዋናውን መልሱልኝ ሳይል ነው። በእውነቱ ዓለም አለቃው ይወስዳል፤ ሰዎችም መልሱልኝ ይላሉ። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ሦስት ዓመት ቀርቶ አንድ ዓመት የማይሞላቸው።

እንዲህ ያለው ነገር በአማርኛ የፒራሚድ ንግድ ይባላል። ላዩ ጥቂት ሰው፣ ታቹ እየሰፋ የሚሄድ ብዙ ሰው ነው፤ ላይ ያለውን የሚከፍለው ታች ያለው ነው። አንዳንዱ «ሰው አምጣ» ብሎ በግልጽ ይናገራል። አንዳንዱ ደግሞ ሰው አምጣ ሳይል ከአዲሱ ወስዶ ለነባሩ ይከፍላል፤ ውስጡ ግን ያው የባቄላው ሂሳብ ነው።

(ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ አሁን ከታሪካችን ወጣ እንበልና በእውነት ወደደረሰው እንሂድ።

ከመቶ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1920፣ በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ሰው በ45 ቀን ውስጥ ሃምሳ ከመቶ ትርፍ እከፍላለሁ አለ። ከአገር አገር በሚለዋወጥ የፖስታ ኩፖን እነግዳለሁ ይል ነበር። ሕዝቡ ተሰልፎ ገንዘቡን አስረከበ። ነሐሴ ላይ ሲፈርስ ለተሰበሰበው ገንዘብ የሚበቃ ኩፖን በዓለም ላይ እንኳ እንዳልነበረ ታወቀ። ከአዲሶቹ እየወሰደ ለነባሮቹ ሲከፍል ነበር የቆየው። ይህ ዓይነቱ ማታለል እስካሁን በስሙ ይጠራል።

ቀረብ እንበል። ናይጄሪያ ውስጥ ኤም ኤም ኤም የሚባል ድርጅት ነበር። በወር ስንት ይከፍል እንደነበር ልንገራችሁ? ሠላሳ ከመቶ። ልክ የዘይነባ ማኅበር የሚለውን ያህል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016፣ ሰው ለበዓል ገንዘቡን ሊያወጣ ሲዘጋጅ፣ የሁሉም ሰው ሂሳብ ታገደ።

በአልባንያ የሆነው ደግሞ ለእኛ ለገበሬው አገር ልብ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1996 የፒራሚድ ድርጅቶች አገሩን ሞልተውት ነበር። ሰው ቤቱን ሸጠ። ገበሬው ከብቱን እየነዳ ወደ ከተማ አውጥቶ ሸጦ ገንዘቡን አስገባ። በ1997 መጀመሪያ ድርጅቶቹ ሲፈርሱ ሕዝቡ ወደ አመፅ ወጣ፤ መንግሥት ወደቀ፤ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ሞተ። አስቡት፤ በሬውን ሸጦ የከሰረ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት በምን ያርሳል?

በአገራችንም አለ። በ2015 ዓ.ም. ፊያስ 777 የሚባል፣ በስልክ መተግበሪያ የሚሠራ ነገር ብዙ ወጣቶችን አዲስ አበባ ውስጥና ከዚያም ውጭ ገንዘባቸውን አስበልቷቸዋል። ማኅበርም በሉት መተግበሪያ፣ ስሙ ይለያያል፤ ባቄላው ያው ነው።

ሕጋችን ስለዚህ ጉዳይ ምን ይላል? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ ንግድን ይከለክላል። ስለዚህ «ሕጋዊ ፒራሚድ» የሚባል ነገር የለም።

«ንግድ ፈቃድ አለው» የሚለውስ? ይህን በደንብ ስሙኝ። ንግድ ፈቃድ ዕቃ ለማስመጣት፣ ሱቅ ለመክፈት ይሰጣል። ከሕዝብ ገንዘብ ተቀብሎ ለማስቀመጥ አይሰጥም። ባንክና አነስተኛ የገንዘብ ተቋም ለዚህ ፈቃድ የሚያገኙት ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ በኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። አክሲዮን ወይም የኢንቨስትመንት ድርሻ ለሕዝብ እሸጣለሁ የሚል ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ሥር ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ወረቀት ሲያሳያችሁ «ይህ ፈቃድ ምን ለመሥራት ነው? ማን ሰጠው?» ብላችሁ ጠይቁ። የጫማ ሱቅ ፈቃድ ገንዘብ መሰብሰቢያ አይሆንም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ወደ ዘይነባ እንመለስ። ስልሳ ሺሁን አላስገባችም። ለአጎቷ ልጅ ደወለች። ሽማግሌው ያስያዟት ጥያቄ ሦስት ነበር።

«ከነገ ጀምሮ አንድም አዲስ ሰው ባይገባ የእኔ ሦስት ሺህ ይመጣል?»

«ለምን አይገባም? ሰው እየጎረፈ ነው» አላት። ጥያቄውን አልመለሰም።

«ድርጅቱ በወር ሠላሳ ከመቶ የሚያተርፍ ከሆነ ለምን ከባንክ አይበደርም? ባንኩ በዓመት ሃያ ከመቶ ገደማ ነው የሚጠይቀው። ለምን ለእኔ ለእህል ነጋዴዋ ያን ሁሉ ይሰጣል?»

ዝም አለ። ይህ ጥያቄ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ እስቲ እናንተም አስቡበት። በርካሽ ገንዘብ የሚያገኝ ሰው በውድ የሚገዛው ለምንድን ነው? ባንኩ ሂሳቡን አሳየኝ ስለሚለው ነው። እኛ አንልም።

«ዋናዬን አሥር ሺህ ብሬን ዛሬ መልስልኝ።»

«ስድስት ወር ታስሯል። ካወጣሽ ቅጣት አለው። ብትጨምሪ ግን በወር ሠላሳ አምስት ከመቶ እናደርግልሻለን።»

አስተውላችኋል? ገንዘቧን ስትጠይቅ ተስፋውን ጨመረላት። ሊወጣ ያለን ገንዘብ ለማስቀረት አንዱ መንገዳቸው ይህ ነው። በሌላ ቦታ ደግሞ «ሲስተሙ ተበላሽቷል»፣ «ገንዘብዎን ለማውጣት መጀመሪያ ግብር ይክፈሉ» ይላሉ። የራሳችሁን ገንዘብ ለመውሰድ ሌላ ገንዘብ ክፈሉ ከተባላችሁ ያ ሁለተኛው ገንዘብም አይመለስም።

ጥር ላይ ሦስት ሺህ ብር ደረሳት። የካቲት ላይ ምንም አልመጣም። ስልኩ አይነሣም።

አሁን ሂሳቡን እንዝጋ። ዘይነባ አሥር ሺህ አስገብታለች፤ ሦስት ጊዜ ሦስት ሺህ፣ ዘጠኝ ሺህ ተቀብላለች፤ ሁለት ሰው ስላመጣች ደግሞ ሁለት ሺህ። በጠቅላላው አሥራ አንድ ሺህ። አንድ ሺህ ብር አትርፋለች! የባሏ እህትና ቅቤ ነጋዴዋ ግን በኅዳር ነው የገቡት። ታኅሣሥና ጥር ሦስት ሦስት ሺህ ተቀበሉ፤ ከአሥር ሺሁ አራት አራት ሺህ ቀረባቸው። ጥር ላይ የገቡት ደግሞ፣ ገበያ ላይ ወሬውን ሰምተው የገቡት፣ አንድ ብር አላዩም። አሥሩም ሺህ ሄደ።

«አንዳንዱ እኮ አትርፎበታል» ሲባል ትሰማላችሁ። እውነት ነው፣ አትርፎበታል። ያተረፈው ግን ከጎረቤቱ ነው።

ዘይነባ ያንን ሁለት ሺህ ብር ለሁለቱ ሴቶች አንድ አንድ ሺህ አድርጋ መለሰችላቸው። ሦስቱ አብረው የስልክ መልእክቶቹን፣ ገንዘብ የላኩባቸውን ደረሰኞች፣ የተቀባዩን ስምና የሂሳብ ቁጥር በወረቀት ገልብጠው ፖሊስ ጣቢያ አመለከቱ፤ ለንግድ ጽሕፈት ቤትም አስታወቁ። ገንዘቡ አልተመለሰም። ባቄላው ግን ጎተራ ውስጥ ነበር፤ የደሴ ዋጋ ሲሻል ጫነችው።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ቀስ ብሎ ይገባል)

አቅራቢ፦ አድማጮቼ፣ ምናልባት ከእናንተ መካከል አሁን እንዲህ ባለ ማኅበር ውስጥ ያለ ይኖራል። ምናልባትም በየወሩ እየተከፈላችሁ ነው። ልለምናችሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው አታስገቡ፣ ሌላ ገንዘብም አትጨምሩ። ዋናችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ። ያስገባችኋቸውን ሰዎች ጠርታችሁ የባቄላውን ሂሳብ ከፊታቸው ሥሩላቸው፤ ቢቆጧችሁም ሥሩላቸው። የላካችሁበትን ደረሰኝና መልእክት ከስልካችሁ አታጥፉ፤ በወረቀትም ገልብጡት። ከዚያ ወደ ፖሊስና ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ለየብቻ ሳይሆን አብራችሁ ሂዱ፤ ማኅበሩ መክፈል እስኪያቆምም አትጠብቁ።

ሳምንት በዚሁ ሰዓት እንገናኝ። ሰላም ሁኑ።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ያበቃል)